የደመወዝ ወረቀት የሌለው ወላጅ፦ ቀለብ ስለማስወሰንና ስለማስፈጸም

የልጅ ቀለብ የሚወሰነው ሁለት ነገሮች ተመዝነው ነው። አንዱ የልጁ ፍላጎት ነው፤ ሌላው የከፋዩ አቅም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቀለብ ሲል እህልና ውሃን ብቻ አይደለም። መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት በቀለብ ውስጥ ይካተታሉ፤ ልኩም ከኑሮ ደረጃና ከአካባቢ ልማድ ጋር የተገናዘበ መሆን አለበት። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ቢኖራቸውም በቀለብ ረገድ መሠረተ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ከሁለቱ ሚዛኖች የልጁን ፍላጎት ማስረዳት አያስቸግርም። የትምህርት ቤት ደረሰኝ አለ፣ የቤት ኪራይ ውል አለ፣ የገበያ ዋጋውን ዳኛውም ያውቀዋል። የሚያስቸግረው አቅም ነው። ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፣ መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ልክ ይገልጻል፣ ከዚያም ቀለቡ በየወሩ ከምንጩ እየተቀነሰ ለልጁ እንዲገባ ይታዘዛል። ሚኒባስ የሚነዳ፣ በደላላነት የሚኖር፣ መርካቶ ዕቃ የሚያዞር ወይም በግንባታ ቦታ በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን ደብዳቤ የሚጻፍለት አሠሪ የለውም። ሜሪላንድ ወይም ሪያድ ያለው ወላጅም አሠሪ ቢኖረውም የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደብዳቤ እዚያ አይሠራም። ሁለቱ ከፋዮች የተለያዩ ቢመስሉም ችግራቸው አንድ ነው፤ ገንዘባቸው የሚያልፍበት መንገድ ለችሎቱ አይታይም። ስለዚህ በእነዚህ ጉዳዮች አብዛኛው ሥራ ያንን መንገድ ፈልጎ ማሳየት ነው።

በኢትዮጵያ ዳኛው የሚደገፍበት የቀለብ ሠንጠረዥ የለም። በሌሎች አገሮች ገቢውን የሸሸገ ወላጅ ቢያንስ ዝቅተኛውን ደመወዝ ያገኛል ተብሎ ይሰላበታል። እዚህ ግን ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ይህ መንገድም ዝግ ነው። ማስረጃ ካልቀረበ ዳኛው በግምት ይወስናል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ከሳሿ ከጠየቀችው ይልቅ ተከሳሹ «አገኛለሁ» ወዳለው ይጠጋል።

ገቢን ከወጪ ማንበብ

ገቢውን የሚደብቅ ሰው ወጪውን መደበቅ ይከብደዋል። የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ለእድር ያዋጣል፣ ስልኩ ላይ ገንዘብ ይገባል ይወጣል። ነገሩን ለማየት አንድ ምሳሌ ይወሰድ፤ ሰዎቹም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው።

አንድ አባት አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። ከልጁ እናት ጋር ከተለያዩ በኋላ የሰባት ዓመቷ ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናት በአንድ ሱቅ ተቀጥራ በወር 9,000 ብር ታገኛለች። አባት ለቀረበበት የቀለብ ክስ በሰጠው መልስ «በወር 5,000 ብር ባገኝ ነው፤ ከዚህ በላይ የለኝም» ይላል። እናት «ብዙ ያገኛል» ብላ ብቻ ብትመልስ ክርክሩ የቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ችሎቱን የሚረዳው የሥራውን ሒሳብ የሚያውቅ ምስክር ነው፤ ለምሳሌ በዚያው መስመር የሚሠራ ሌላ ሾፌር፣ የቀድሞ ረዳቱ ወይም የመኪናው ባለቤት።

እነዚህ ሰዎች ሒሳቡን በቀላሉ ይናገራሉ። በደህና ቀን 4,600 ብር ይሰበሰባል እንበል። ከዚህ ላይ 1,700 ለነዳጅ፣ 1,400 ለባለቤቱ የቀን ገቢ፣ 450 ለረዳቱ፣ 150 ለተራ አስከባሪና ለልዩ ልዩ ወጪ ይወጣል። በሾፌሩ እጅ 900 ብር ይቀራል። መኪናው የሚቆምባቸውና የሚጠገንባቸው ቀናት ተቀንሰው በወር 22 ቀን ቢሠራ 19,800 ብር ይሆናል።

ይህ ከሥራው በኩል የተገኘ ስሌት ነው። በኑሮው በኩል ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይገኛል። አባት የሚኖርበት ቤት ኪራይ 6,000 ብር መሆኑን አከራዩ ይመሰክራል። በየሳምንቱ 1,500 ብር ዕቁብ እንደሚጥል ደግሞ የዕቁቡ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ሊያስረዳ ይችላል። ኪራይና ዕቁብ ብቻ ተደምረው በወር ከ12,000 ብር ይበልጣሉ። በ5,000 ብር ገቢ ይህን የሚችል ሰው የለም። ከሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች የመጡት ማስረጃዎች ሲደጋገፉ ዳኛው ግምቱን የሚያሳርፍበት መሬት ያገኛል። ከሁሉ የዕቁብ መዝገብ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ማስረጃ ነው። በየሳምንቱ ሳያቋርጥ የሚጣል ገንዘብ ከቤት ወጪ የሚተርፍ መደበኛ ገቢ መኖሩን ያሳያል፤ የቀለብ ክርክርም የሚያተኩረው በዚሁ በሚተርፈው ላይ ነው።

የልጅቷ ወጪ በዚህ ምሳሌ ለምግብ 3,500፣ ከቤት ኪራይ የሚደርስባት 2,000፣ ለትምህርት 1,500፣ ለልብስና ለሕክምና 800፣ ለመጓጓዣ 700፣ በድምሩ 8,500 ብር ነው። ግዴታው የሁለቱም ወላጆች በመሆኑ ሙሉው በአባት ላይ አይጫንም። ሕጉ የማካፈያ ቀመር ባይሰጥም እንደ ገቢያቸው ማካፈል ለማስረዳት የሚመች ስሌት ነው። የሁለቱ ገቢ ሲደመር 28,800 ብር ነው፤ የአባት ድርሻ ከመቶ 69 ገደማ ስለሚሆን ከ8,500 ውስጥ 5,800 ብር ያህል ይደርስበታል። እናት ልጅቷን ስታጥብ፣ ስታበስልና ስታስታምም የምታወጣው ጉልበት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ይህንንም ለዳኛው ማንሳት ተገቢ ነው፤ ልጁን ይዞ የሚያድረው ወላጅ ድርሻውን ከገንዘብ በፊት በእጁ እየከፈለ ነውና።

የአከፋፈሉ ጊዜም ከልኩ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። የቀን ገቢ ያለው ሰው ለምሳሌ በወር መጨረሻ 5,600 ብር በአንድ ጊዜ እንዲያወጣ ከታዘዘ ገንዘቡ ቀድሞ አልቆ ይገኛል። በየሳምንቱ 1,300 ብር እንዲከፍል ቢታዘዝ ግን በዓመት 67,600 ብር፣ በወር ሲሰላ 5,600 ብር ከዚያም ትንሽ የሚበልጥ ይከፍላል፤ ክፍያውም ዕቁብ በሚጥልበት ልማድ ይሄዳል። ዳኛው እንዲህ ያለውን አከፋፈል በራሱ ላያስበው ስለሚችል በክስ ማመልከቻው ላይ መጠየቅ ይበጃል። የሚከፈለውም በባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር መሆን አለበት። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ኋላ «ሰጥቻለሁ»፣ «አልተቀበልኩም» የሚል ማለቂያ የሌለው ጭቅጭቅ ያመጣል። እናቲቱ ደረሰኝ እንድትፈርምለት በየሳምንቱ ደጇ የሚመጣ የቀድሞ ባልም ከቀለቡ ጋር ሌላ ጣጣ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የዋናው ክስ ውሳኔ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። የፍቺ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ጊዜያዊ ቀለብ የሚባለው ይህ ነው፤ የሚገኘው ግን ሲጠየቅ ነውና በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ መጻፍ አለበት። አቅም የሌላት እናት ዳኝነት ሳትከፍል በድሃ ደንብ መክሰስ ትችላለች። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶችም ማመልከቻ በመጻፍና በመቆም ነፃ እርዳታ ሲሰጡ ኖረዋል።

ወላጆቹ ተጋብተው የማያውቁ ከሆነ ከሁሉ በፊት የአባትነት ጥያቄ ይመጣል። በጋብቻ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ የተወለደ ልጅ አባቱ በሕግ ግምት ይታወቃል። ከዚያ ውጭ አባት ልጁን መቀበል አለበት፤ ካልተቀበለ ደግሞ አባትነቱ በፍርድ ይረጋገጣል። አባት ነኝ ብሎ የጻፈው ደብዳቤ፣ ለልጁ አስተዳደግ ያደረገው ተሳትፎና የመሳሰሉት ለዚህ ይጠቅማሉ። በሐዋላ የላከው ገንዘብና «ለልጄ» ብሎ የጻፈው የስልክ መልእክት በኋላ በሁለት በኩል ያገለግላል፤ አባትነቱንም አቅሙንም ያሳያል። እንዲህ ያለው መረጃ ስልክ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ጊዜው ሳያልፍ ታትሞ መቀመጥ አለበት።

ፍርዱ በእጅ፣ ገንዘቡ በሌላ እጅ

ውሳኔ ማግኘት የመንገዱ ግማሽ ነው። ከፋዩ ሳይከፍል ሲቀር የፍርድ ባለመብቷ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች፣ የፍርድ ባለዕዳው ይጠራል፣ ንብረቱም ይፈለጋል። ደመወዝተኛ ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) በአንድ ጊዜ ከደመወዙ ላይ የሚቀነሰው ከሲሶ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ደመወዝ በሌለበት ግን የሚያዝ ነገር መፈለግ አለበት። ፍርድ ቤቱ ንብረት በራሱ አይፈልግም፤ ፈላጊዋ ባለመብቷ ናት። ብዙ የቀለብ ፍርዶች መዝገብ ቤት ተኝተው የሚቀሩትም እዚህ ላይ ነው።

የሚፈለገው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው በስሙ የተመዘገበ ንብረት ነው፤ ተሽከርካሪ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ የንግድ ፈቃድ ያለው ሱቅ። ሁለተኛው ባንክ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሲያዝ ባንኮች በስሙ ያለውን ሒሳብ ይገልጻሉ። ሦስተኛው ከሌላ ሰው የሚጠብቀው ገንዘብ ነው። ተከራይ ሊከፍለው ያለው ኪራይ፣ አሠሪ ተቋራጭ ያልከፈለው የሥራ ዋጋ፣ ተራው ሲደርስ የሚወስደው ዕቁብ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። እንዲህ ያለው ገንዘብ ወደ ባለዕዳው እጅ ከመግባቱ በፊት በሦስተኛው ወገን ላይ ትእዛዝ ተሰጥቶ ለልጁ ሊተላለፍ ይችላል። የዕቁብ ተራ የሚወጣበትን ቀን አስቀድማ ያወቀች እናት ከዓመት ውዝፍ ብዙውን በአንድ ቀን ልታገኝ ትችላለች።

ሚኒባሱ የራሱ በሚሆንበት ጊዜ ትልቅ ፈተና አለ። መኪናው ተይዞ በሐራጅ ቢሸጥ ውዝፉ ይከፈላል፤ የሚመጣው ዓመት ቀለብ ግን ከምን ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚሻለው መኪናው ሥራ ላይ እንዳለ ሊብሬው ላይ እግድ ማስመዝገብ ነው። መኪናውን መሸጥም ስም ማዛወርም አይችልም፤ እየሠራ ግን ይከፍላል። የእግድ ደብዳቤው ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚደርሰው ክስ መኖሩን ከፋዩ ከማወቁ በፊት ወይም ወዲያው ሲሆን ነው ዋጋ ያለው። ከዘገየ መኪናው ለወንድም ወይም ለባልንጀራ «ተሽጦ» ይገኛል። የስም ሽያጭ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሽያጩ ከመጥሪያው ጋር በቀናት ልዩነት የተደረገ ነው፤ ሾፌሩ ዛሬም ያው ሰው ነው፤ የማታውን ገቢ የሚቀበለው አሁንም እሱ ነው፤ ገዛሁ የሚለው ሰው የከፈለበትን የባንክ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። እነዚህን የሚያስረዳ ምስክር ካለ ሽያጩ ሊፈተን ይችላል።

እስራትም በሕጉ አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መክፈል እየቻለ እምቢ ያለ ባለዕዳ ለተወሰነ ጊዜ እንዲታሰር ይፈቅዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የነፈገን ሰው አቤቱታ ሲቀርብበት ይቀጣል። ለቀን ሠራተኛ ግን እስር ማለት ገቢው በዚያው ቀን መቆሙ ነው። ስለዚህ መያዝ የሚጠቅመው በእርግጥ ገንዘብ እያለው በሚያስቸግር ሰው ላይ ነው፤ ምጣዱ ባዶ በሆነበት ላይ ግን ልጁንም አብሮ ይጎዳል። ይህን ልዩነት ዳኛው የሚያየው ከላይ በተገለጸው የወጪ ማስረጃ ነው።

ሌላው መሰናክል ጊዜ ነው። ቀለብ የዕለት ኑሮ መተዳደሪያ ስለሆነ ሕጉ ለውዝፍ ብዙ ዕድሜ አይሰጥም። ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው ውዝፍ ለኑሮው አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ የመጠየቅ መብቱ ሊቀር ይችላል። «ይሻሻል ይሆናል» ብላ ዓመት የታገሠች እናት በትዕግሥቷ ትጎዳለች። ሁለት ክፍያ ሲዘል ወዲያው ወደ አፈጻጸም መሄድ ይሻላል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ እንደነበር ወይም ለምግቡ ብድር እንደተገባ የሚያሳይ ወረቀት ካለም መያያዝ አለበት።

አባት ጨርሶ ሲጠፋ ወይም አቅም ሲያጣ ጉዳዩ በእሱ አያበቃም። የቀለብ ግዴታ ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል ሁሉ ስለሚዘልቅ አያቶች አቅም ካላቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ ነውር ይመለከተዋል። ሆኖም አባትየው ውጭ አገር ሆኖ ለወላጆቹ በየወሩ ገንዘብ በሚልክበት ቤት፣ የልጅ ልጅ ከዚያ ድርሻ እንዲያገኝ መጠየቅ ፍትሐዊ ነው።

ባሕር ማዶ ያለ ወላጅ

ከፋዩ ከኢትዮጵያ ውጭ ሲሆን የመጀመሪያው ውሳኔ የት ይከሰስ የሚለው ነው። አብዛኞቹ እናቶች ሳያስቡበት እዚሁ ይከስሳሉ፣ ይፈረድላቸዋል፣ ከዚያም ፍርዱን ይዘው የሚሄዱበት ያጣሉ። ምርጫው መደረግ ያለበት ሀብቱ ባለበት ቦታ ተመርቶ ነው።

አባት አዲስ አበባ ውስጥ ያከራየው ኮንዶሚኒየም፣ መኪና ወይም የባንክ ገንዘብ ካለው የአገር ውስጥ ክስ ፈጣኑ መንገድ ነው። ተከራዩ ኪራዩን ለልጁ እናት እንዲከፍል ከታዘዘ ባሕር ማዶ ያለው አባት እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። መጥሪያው በታወቀ አድራሻው ወይም እንዲከራከርለት ሥልጣን የሰጠው ወኪል ካለ በወኪሉ በኩል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወንድም የያዘው ውክልና ምን እንደሚል ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቅጂው ወጥቶ ቢነበብ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። አድራሻው ጨርሶ ካልታወቀ በጋዜጣ ይጠራል፤ ካልቀረበም በሌለበት ይታያል።

በጋዜጣ ጥሪ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በሌለበት የተፈረደ ፍርድ እዚህ ባለ ንብረቱ ላይ ይፈጸማል፤ ውጭ አገር ሲወሰድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ተከሳሹ ክሱን በእርግጥ አውቆ የመከላከል ዕድል ነበረው ወይ?» የሚል ነው። የኢትዮጵያም ሕግ የውጭ ፍርድን ለመቀበል ይህንኑ ይጠይቃል፤ ከዚህም ሌላ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ይሻል። ፍርዱን ወደ ውጭ የመውሰድ ሐሳብ ካለ የአባትን ትክክለኛ አድራሻ ፈልጎ መጥሪያውን በእጁ ማድረስና የደረሰበትን ማስረጃ መያዝ፣ የሚያዘገይ ቢመስልም፣ ኋላ የሚባክነውን ዓመት ያድናል።

በአገሮች መካከል ቀለብን የሚያሻግር ሥርዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተደረገው የኒውዮርክ ስምምነትና በ2007 የተፈረመው የሄግ ስምምነት፣ አንዲት እናት በአገሯ ላለ ማዕከላዊ ባለሥልጣን አመልክታ በሌላው አገር ያለው ባለሥልጣን እንዲያስከፍልላት ያደርጋሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014፣ አሜሪካ ከ2017 ጀምሮ በሄግ ስምምነት ይሠራሉ። ኢትዮጵያ ግን የሁለቱም አባል አይደለችም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 27 አገሮች ከውጭ አገር ቀለብ ለማስገኘት እንዲህ ባሉ ስምምነቶች እንዲገቡ ያሳስባል፤ ኢትዮጵያም ኮንቬንሽኑን ከተቀበለች ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኗታል። ይህን ያህል ሕዝብ ባሕር ማዶ ላላት አገር ይህ ክፍተት ሊዘጋ የሚገባው ነው፤ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው።

ስምምነት የለም ማለት ግን መንገድ የለም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሁሉም ግዛቶች የተቀበሉት የቀለብ ሕግ ውጭ አገር የምትኖር እናት አባትየው በሚኖርበት ግዛት በቀጥታ እንድትከስ ይፈቅድላታል። ሁለት አማራጭ አላት፤ የኢትዮጵያን ፍርድ ይዛ እንዲቀበሉላት መጠየቅ ወይም ከዚያው አዲስ ቀለብ እንዲወሰን መክሰስ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ምክንያቱም መጠኑ የሚወሰነው በግዛቱ ሠንጠረዥ፣ ከአባት የዚያ ገቢ ተነሥቶ ነው። እናትየው በአካል መቅረብ አይጠበቅባትም፤ ቃሏን በስልክ ወይም በሌላ መገናኛ ልትሰጥ ትችላለች፤ አባትነት ከተካደም የዘረመል ምርመራ ይታዘዛል። የግዛቱ የቀለብ መሥሪያ ቤት ስምምነት ለሌለው አገር ሰው ነፃ አገልግሎት መስጠት አለመስጠቱ በግዛቱ ስለሚለያይ እዚያ ያለ ዘመድ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጃል። ካልሆነ ጠበቃ መያዝ ግድ ይላል። የልጁ የልደት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ወረቀት፣ የወጪ ደረሰኝና የተላከ ገንዘብ ታሪክ ተተርጉመውና ተረጋግጠው መቅረብ አለባቸው።

ውሳኔው ከተገኘ በኋላ ያለው ጉልበት ከኢትዮጵያው በጣም ይበልጣል። ደሞዙ በቀጥታ ከአሠሪው ይቀነሳል። መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። በቀለብ መሥሪያ ቤት በኩል የተያዘ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር በላይ የሆነ የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርት ሊከለከል ይችላል። ዜግነት ለማግኘት የሚያመለክት ሰውም ቤተሰቡን መርዳት ሆን ብሎ ትቶ እንደሆነ ይመረመራል፤ ልጁ ኢትዮጵያ መኖሩ ከዚህ ጥያቄ አያድነውም። በዋሽንግተን ዙሪያ እንዳሉት ብዙ ኢትዮጵያውያን በግሉ ታክሲ የሚነዳ አባት ግን አሠሪ ስለሌለው የደመወዝ ቅነሳው አይሠራበትም። እዚያም ያው የአዲስ አበባው ችግር ይመጣል፤ ልዩነቱ የግብር ማስታወቂያው ወረቀት ሆኖ መገኘቱ ነው።

አባት ውጭ ሆኖ ቀለቡ በኢትዮጵያ በብር ሲወሰን ሌላ ጉዳት ይከተላል። በ2015 ዓ.ም. አንድ ፍርድ ቤት በአሜሪካ የሚኖርን አባት በወር 6,000 ብር እንዲከፍል ወሰነ እንበል። በዚያን ጊዜ ዶላር በባንክ 55 ብር ያህል ነበርና ለአባት 110 ዶላር ገደማ ወጪ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ120 ብር በላይ ወጣ፤ ያው 6,000 ብር ለአባት ከ50 ዶላር በታች ሆነ። በሌላ በኩል ዘይት፣ ጤፍና የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመሩ። አንድ ቃል ሳይለወጥ ፍርዱ ለከፋዩ በግማሽ ቀለለ፣ ለልጁም ተመናመነ። ሕጉ ሁኔታ ሲለወጥ ቀለብ በማናቸውም ጊዜ እንዲሻሻል መጠየቅን ስለሚፈቅድ እናት አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ትችላለች። ከዚያ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ፍርዱ ገቢው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን እንዲመዘግብና መጠኑ በየዓመቱ በክፍያው ቀን ምንዛሪ እንዲታይ መጠየቅ ነው። ከፋዩም በበኩሉ ሥራ ሲያጣ ወይም ሲታመም መጠኑ እንዲቀንስ ማመልከት ይችላል፤ ዝም ብሎ ማቆም ግን ውዝፍ ይከምርበታል።

በአንዳንድ አገሮች ከፋዩ ሳይከፍል ሲቀር መንግሥት ቀለቡን በተወሰነ ልክ ለልጁ ይሰጥና ከዕዳተኛው እሱው ይጠይቃል። በጀርመን፣ በስዊድንና በእስራኤል ይህ ሥርዓት አለ፤ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶችም ሁኔታውን ካሟሉ ይጠቀሙበታል። ልጁ እዚያ የሚኖር መሆን ስላለበት አዲስ አበባ ላለ ልጅ አይደርስም።

እናት ስትሄድ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይመጣል። የምትሄደው እናት ናት፤ ልጁ ከአባት ወይም ከአያት ጋር ይቀራል። በቤት ሠራተኛነት ያለች ሴት ደሞዟ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት የምትወጣበት ቀን የላትም፤ ቤቱን ለቃ ከወጣች የመኖሪያ ፈቃዷም ሊበላሽ ይችላል። ልጁን የያዘው አባት ቀለብ ብሎ ቢከስሳት እዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም። እውነቱን ለመናገር ግን ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ የሚልኩት ከደሞዛቸው አብዛኛውን ነው። የሚነሣው ጥያቄ ገንዘቡ አለመላኩ ሳይሆን ለልጁ አለመድረሱ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የሚረዳው ሥራ ከጉዞው በፊት የሚሠራ ነው። ሁለቱ ወላጆች ወይም እናትና አያት፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቀር፣ በወር ስንት እንደሚላክና ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ በጽሑፍ ተስማምተው ሰነዱን በሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዘግባሉ። ገንዘቡ በአባት ሒሳብ ሳይሆን በልጁ ስም በተከፈተ፣ ከአሳዳጊው ጋር በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ቢገባ ይሻላል። የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያው ሒሳብ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ቢተላለፍ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። አባት ገንዘቡን ለሌላ ነገር ካዋለው የሐዋላ ደረሰኝና የሒሳብ መግለጫው የእናትን ድርሻ በሙሉ መክፈሏን ያስረዳሉ፤ ቀለብ ጠያቂ የነበረው አባትም ተጠያቂ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ እናት ከሄደች ግን በቆንስላ በኩል ውክልና ለእህቷ ወይም ለእናቷ ሰጥታ እዚህ ያለችው ወኪል በልጁ ስም ክስ ማቅረብ ትችላለች። ውክልናው መክሰስንና መከሰስን፣ ገንዘብ መቀበልንና የባንክ ሒሳብ መግለጫ መጠየቅን በግልጽ ካልጠቀሰ ግን ችሎቱ ወኪሏን ይመልሳታል፤ ሌላ ውክልና እስኪላክ ድረስም ቀጠሮው ወደ ቀጣዩ ወር ይተላለፋል።